ቡሌቱ የት ገባ? ስክሪንሾትን ከነርዕሱና ከነዝርዝሩ ወደ ማርክዳውን ስለመመለስ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ይህ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር ቅኝት ነው። ጠያቂው በእጁ ያለው የአንድ የሶፍትዌር መጫኛ መመሪያ ስክሪንሾት ብቻ ነው፤ ርዕስንና ዝርዝርን እንደ `#` እና `-` ባሉ ምልክቶች ወደሚያሳየው አጻጻፍ፣ ወደ ማርክዳውን፣ ሊመልሰው ይፈልጋል። ገጹ ከድር ላይ ተነስቷል፣ ፋይሉም አልተገኘም። ምስሉ 1000 ፒክስል ስፋት አለው። አንድ ትልቅ ርዕስ፣ በሥሩ ሁለት ንዑስ ርዕሶች፣ ባለ ሁለት ደረጃ የቡሌት ዝርዝርና አንድ ቁጥር ያለው የእርምጃ ዝርዝር ይታይበታል። ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበውን ፕሮግራም ቴሰራክትን ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ አስኬደውና ቃላቱ ከሞላ ጎደል በትክክል ወጡለት። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ርዕሶቹ ከሌላው መስመር የሚለዩበት ምልክት አጡ። ቡሌቶቹ ግማሾቹ `e`፣ ሌሎቹ `¢` ወይም `«` ሆኑ፣ የቀሩት ጭራሽ ጠፉ። ንዑስ ዝርዝሩም ከዋናው ዝርዝር እኩል ተሰለፈ። በፈልግና ተካ የመስመር መጀመሪያ ላይ ያለችውን `e` ወደ `-` ለውጦ ጥቂቱን አቃንቷል፤ የጠፉትን ግን የሚፈልግበት ምልክት የለውም። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፦ የርዕስ ደረጃውና የዝርዝሩ እርከን ከምስሉ ላይ ሊነበብ ይችላል ወይስ በእጅ ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም?

1ኛ ምላሽ

የመጀመሪያው መላሽ ትሑት ነው፤ ለጥያቄው አመስግኖ ይጀምራል፤ ጥያቄውን ግን በጥድፊያ ነው ያነበበው። ገጹን ከአሳሹ በኤችቲኤምኤል አስቀምጥና ፓንዶክ የተባለው የሰነድ መለወጫ ይለውጠው ይላል፤ ትእዛዙንም ጽፎለታል።

```
pandoc -f html -t gfm page.html -o page.md
```

ምክሩ በራሱ ልክ ነው። ኤችቲኤምኤሉ ያለው ሰው ምስል ውስጥ ገብቶ ፒክስል የሚቆጥርበት ምክንያት የለውም። የዚህ ጠያቂ ችግር ግን ገጹ አለመኖሩ ነው።

2ኛ ምላሽ

ጠያቂው ራሱ ተመልሶ፣ በአክብሮት፣ ያለው ምስል ብቻ መሆኑን ደገመ። የምስሉ ዓይነት ፒኤንጂ መሆኑንና አጉልቶ እንዳልሞከረም ጨመረ። ይቺ የመጨረሻዋ መረጃ ኋላ ላይ ጠቅማለች።

3ኛ ምላሽ

ሦስተኛው ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቴሰራክት በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት እንዲጠብቅ የሚያደርገውን `-c preserve_interword_spaces=1` ጨምርና የዝርዝሩ እርከን በባዶ ቦታ ብዛት ይታይሃል የሚል ነው። አምዶች ጎን ለጎን ባሉበት ገጽ ይህ ትእዛዝ ዋጋ አለው። ግን የባዶ ቦታው ብዛት ግምት ስለሆነ ከመስመር መስመር ይዋዥቃል፤ ስለ ፊደል መጠንም የሚነግረን ነገር የለም፤ ስለዚህ ርዕሶቹ ባሉበት ይቀራሉ።

4ኛ ምላሽ

ክሩን የቀየረችው አራተኛዋ ናት። አነጋገሯ ቀጥተኛ ነው። ስህተቱ የተሠራው ቴሰራክት ምስሉን ሲያነብ አይደለም፤ ጠያቂው ውጤቱን በተራ ጽሑፍ ሲቀበል ነው ትላለች። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ቃል የት እንዳረፈና ምን ያህል ቁመት እንዳለው ያውቃል፤ `.txt` ብለው ሲቀበሉት ግን ያንን ሁሉ ይጥለዋል። ርዕስና ዝርዝር ደግሞ በምስል ላይ ከመጠንና ከቦታ በስተቀር ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ ምስሉን ሦስት እጥፍ ማጉላት፣ ከዚያ ውጤቱን የቃላቱን ቦታና መጠን በሚይዙት የፋይል ዓይነቶች፣ በቲኤስቪና በኤችኦሲአር፣ መጠየቅ።

```
magick page.png -colorspace Gray -resize 300% page3.png
tesseract page3.png page -l amh+eng --psm 4 tsv hocr
```

ሦስት እጥፍ ያለችበትን ምክንያት ጽፋለች። በስክሪን ላይ 16 ፒክስል የሆነ ፊደል ለዓይን በቂ ነው፤ ለቴሰራክት ግን ትንሽ ነው። እሱ የሚመቸው በ300 ዲፒአይ የተቃኘ ወረቀት የሚሰጠው ዓይነት መጠን ነው፤ ስክሪን ደግሞ በተለምዶ 96 ገደማ ነው። የምትጠፋውም ቡሌት ስድስት ፒክስል ገደማ ያላት ጥቁር ጠብታ ናት፤ ሳይጎላ ከቆሻሻ የምትለይበት ነገር የላትም።

`--psm 4` ደግሞ የፊደል መጠኑ የሚለያይ አንድ አምድ ጽሑፍ ነው ብሎ እንዲያነብ ያዘዋል። በነባሪው `--psm 3` ሲሄድ አንዳንዴ ቡሌቶቹን እንደ ለብቻቸው የቆሙ ጠባብ አምድ ያያቸዋል፤ ያኔ ሁሉም ነጥቦች አንድ ላይ ተከማችተው ጽሑፉ ከኋላ ይመጣል። በአራትም እንዲህ ከሆነ ስድስትን መሞከር ነው።

ከዚያ የቲኤስቪውን መስመሮች የምታይበት አጭር ስክሪፕት አስቀመጠች።

```python
import csv
from collections import defaultdict

lines = defaultdict(list)
with open("page.tsv", encoding="utf-8") as f:
    for r in csv.DictReader(f, delimiter="\t", quoting=csv.QUOTE_NONE):
        if r["level"] == "5" and r["text"].strip():
            k = tuple(int(r[c]) for c in ("block_num", "par_num", "line_num"))
            lines[k].append(r)

for k, ws in sorted(lines.items()):
    second = ws[1]["left"] if len(ws) > 1 else "-"
    print(ws[0]["left"], ws[0]["width"], second,
          " ".join(w["text"] for w in ws))
```

ስለ `QUOTE_NONE` አንድ ማስጠንቀቂያ አክላለች። ገጹ ላይ አንዲት ያልተዘጋች የጥቅስ ምልክት ካለች፣ ይህ ቃል በሌለበት ፓይተን ከዚያች ምልክት ጀምሮ ብዙ ረድፎችን እንደ አንድ ሕዋስ ይውጣል፤ ግማሽ ገጽ ሲጠፋም ስህተት አይናገርም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቀው ቀኑን የጨረሰበት ሰው ብቻ ይመስለኛል።

5ኛ ምላሽ

አጭር እርማት። ስክሪንሾቱን ገና የሚያነሳ ሰው ምስሉን ኋላ ከሚያጎላ፣ አሳሹን በ200 በመቶ አጉልቶ ቢያነሳ ይሻለዋል፤ ያኔ የሚጨመሩት ፒክስሎች እውነተኛ ናቸው፣ በኋላ የሚጨመሩት ግን በግምት የተሞሉ ናቸው። ይህ ለጠያቂው አይረዳውም፤ ለሚቀጥለው አንባቢ ግን ይረዳዋል። ምስሉ በጄፔግ መጨመቅ እንደሌለበትም ጠቅሷል፤ በጠርዞች ዙሪያ የሚፈጠረው ብናኝ ከቡሌት ጋር ይምታታል።

6ኛ ምላሽ

ስድስተኛው በልበ ሙሉነት ነው የገባው። ርዕስ ማለት ደማቅ መስመር ማለት ነው፤ ደረጃውን ደግሞ የቲኤስቪው `height` ይነግርሃል፣ ሌላው ሁሉ ማስረዘም ነው ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ እዚህ ሙያ ውስጥ ከሙሉ ስህተት ይልቅ ብዙ ሰዓት ይበላል።

7ኛ ምላሽ

አራተኛዋ ተመልሳ ሁለቱን ነጥቦች ለየብቻ ፈታቻቸው። ስለ ቁመቱ፦ ቲኤስቪ የሚሰጠው የሳጥኑን ቁመት ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ በውስጡ ባሉት ፊደሎች ይወሰናል። በላቲን ጽሑፍ `Apply` የሚለው ቃል ወደ ላይ የሚወጣም ወደ ታች የሚወርድም ፊደል ስላለው ሳጥኑ ረጅም ነው፤ `once` ግን ሁለቱም የሉትም፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት መጠን የተጻፉ ሁለት ቃላት የተለያየ ቁመት ያሳያሉ። በግዕዝ ፊደል ልዩነቱ ያንሳል፤ ያም ሆኖ ከታች ቅጥያ ያላት አንዲት ፊደል ሳጥኑን ትለጥጠዋለች። የተሻለው ኤችኦሲአር በየመስመሩ የሚጽፈው `x_size` ነው፤ የፊደሉን አካል፣ ወደ ላይ የሚወጣውንና ወደ ታች የሚወርደውን ደምሮ ለመስመሩ በሙሉ ይገምታል።

```
<span class='ocr_line' title="bbox 216 402 1130 472; baseline 0 -15; x_size 70; ...">
```

ስለ ድምቀቱ፦ የአሁኑ የቴሰራክት ንባብ ሞተር ፊደሉ ደማቅ ይሁን ስስ አይናገርም፤ የሚፈልግ ሰው ራሱ መለካት አለበት። ዘዴው የቃሉን ሳጥን ከምስሉ ቆርጦ ከውስጡ ስንት በመቶው ጥቁር እንደሆነ መቁጠርና ከገጹ አማካይ ጋር ማነጻጸር ነው። ይህ መቶኛ ፊደሉ ስለተለቀ ብቻ አይጨምርም፤ ስለዚህ ትልቁን ከደማቁ ይለያል። ግን ደማቅ የሆነ ሁሉ ርዕስ አይደለም። በአንቀጽ መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ፦ ተብሎ በደማቅ የተጻፈ ቃል ርዕስ አይባልም፤ ሙሉው መስመር ደማቅ ሆኖ፣ ከላዩ ከተለመደው ሰፋ ያለ ክፍተት ኖሮት፣ በአራት ነጥብ ካልተዘጋ ነው ርዕስ የሚባለው።

የገጹን መደበኛ መጠን ስለማግኘትም አንድ ነገር ብላለች፦ በመስመር ብዛት ሳይሆን በፊደል ብዛት መቁጠር። አጫጭር ርዕሶች የበዙበት ገጽ በመስመር ከተቆጠረ ርዕሱ መደበኛ ጽሑፍ ሊመስል ይችላል። መደበኛው ከታወቀ በኋላ ሌሎቹን መጠኖች በቅደም ተከተል ደርድሮ ዝላይ ባለበት መቁረጥ ነው። አሳሾች በነባሪ አንደኛውን ርዕስ የመደበኛው 2 እጥፍ፣ ሁለተኛውን 1.5፣ ሦስተኛውን 1.17 ያደርጉታል፤ አራተኛው ከመደበኛው እኩል ሆኖ በድምቀት ብቻ ይለያል። ስለዚህ ለሁለቱ የላይ ደረጃዎች መጠን ይበቃል፤ ከዚያ በታች ድምቀት ሳይታይ አይሆንም።

ይህንን ያጠናከረችበት ምሳሌ ከወርድ ነው። ለዓመታት በቆየው የወርድ ነባሪ አቀማመጥ መደበኛው ጽሑፍ 11 ነጥብ፣ ሦስተኛ ደረጃ ርዕስ 12 ነጥብ ነበር። በ96 ዲፒአይ ስክሪን ላይ የመጀመሪያው 14.7፣ ሁለተኛው 16 ፒክስል ይሆናል። ልዩነቱ ከአንድ ፒክስል ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ፊደሉም ደማቅ አይደለም። እዚያ ላይ የሚቀረው ምልክት ሰማያዊ ቀለሙ ነው። ምስሉን ወደ ግራጫ የቀየረ ሰው ደግሞ ያንንም አጥፍቶታል፤ ስለዚህ ዋናውን ባለ ቀለም ምስል አትጣሉ ትላለች።

8ኛ ምላሽ

ጠያቂው ስክሪፕቱን አስኬዶ፣ `x_size`ንም ከኤችኦሲአሩ አንብቦ፣ ቁጥሮቹን ይዞ መጣ። በርዕሶቹ ደስ ብሎታል፦ መደበኛው ጽሑፍ 46 እስከ 48፣ ሁለቱ ንዑስ ርዕሶች 70 እና 71፣ ትልቁ 94 ሆኑ። ሦስቱ ቡድኖች ለዓይንም ግልጽ ናቸው።

ዝርዝሩ ግን አደናገረው። የአንቀጾቹ የግራ ጠርዝ 216 ነው። በዓይን አንድ እርከን ላይ የሚታዩት የዝርዝሩ መስመሮች ግን አንዳንዶቹ ከ288 አካባቢ፣ አንዳንዶቹ ከ336 ይጀምራሉ። ንዑሶቹም እንዲሁ 408 እና 456 ብለው ተከፈሉ። በጠርዝ ቢመድባቸው ሁለት እርከን የነበረው ዝርዝር አራት እርከን ሊሆንበት ነው።

9ኛ ምላሽ

ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ ምላሽ ነው። አራተኛዋ ቁጥሮቹን አይታ ልዩነቱ ሁልጊዜ 48 ገደማ መሆኑን አሳየችው፤ ያ ደግሞ ከቡሌቱ እስከ ጽሑፉ ያለው ርቀት ነው። ቡሌቷ በተነበበችበት መስመር ጠርዙ የሚለካው ከቡሌቷ ነው፤ በጠፋችበት መስመር ከጽሑፉ ነው። ስለዚህ እርከን መለካት ያለበት ምንጊዜም ከጽሑፉ የመጀመሪያ ቃል ነው። የመስመሩ የመጀመሪያ ቃል ጠባብ ከሆነና ከሁለተኛው ጋር ያለው ክፍተት ከተለመደው የቃላት ክፍተት በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ፣ ያ ቃል ምንም ተብሎ ይነበብ ቡሌት ነው፤ ጠርዙንም ከሁለተኛው ቃል መውሰድ ነው። እንዲህ ሲደረግ 288ቱ ወደ 336፣ 408ቱም ወደ 456 ይገባሉ። ሦስት ጠርዞች ብቻ ይቀራሉ፦ 216፣ 336 እና 456። በመካከላቸው ያለው 120 ሲሆን፣ ለሦስት ሲካፈል 40 ፒክስል ይሆናል፤ አሳሾች በነባሪ ለአንድ የዝርዝር እርከን የሚሰጡት ልክ ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ራሱ መልሱን ያረጋግጣል ማለት ነው።

ለቁጥር ዝርዝርም ያው ሕግ ይሠራል። አሳሽ ቁጥሮቹን በቀኝ ስለሚያሰልፍ `10.` ከ`9.` ቀድሞ ወደ ግራ ይወጣል፤ ከቁጥሩ የለካ ሰው አሥረኛው እርምጃ ሌላ እርከን ላይ ይመስለዋል። ጽሑፎቹ ግን በአንድ መስመር ላይ ናቸው።

ቀጥላ ጠያቂው ገና ያልደረሰበትን ችግር ነገረችው። ከ336 የሚጀምርና ቡሌት የሌለው መስመር ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ቡሌቷ የጠፋችበት አዲስ ነጥብ ወይም ከላይ ያለው ነጥብ ረዝሞ የታጠፈበት ቀጣይ መስመር። ጠርዛቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ምስሉን ተመልሶ ማየት ነው። ከ264 እስከ 330 ያለውን ጠባብ ቁራጭ በመስመሩ ቁመት ቆርጦ ከ15 እስከ 21 ፒክስል የሆነ ጥቁር ጠብታ መፈለግ፤ ካለ አዲስ ነጥብ ነው። ሁለተኛው ማረጋገጫ የቀደመው መስመር መጨረሻ ነው። የገጹ የቀኝ ጠርዝ 2784 ሆኖ የቀደመው መስመር 1650 ላይ ካበቃና የአሁኑ መስመር የመጀመሪያ ቃል በቀረው ቦታ መግባት የሚችል ከሆነ፣ ጽሑፉ የታጠፈው ቦታ ጠቦት አይደለም፤ ሆን ተብሎ አዲስ ተጀምሯል።

በርዕስም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ ረጅም ርዕስ ወደ ሁለት መስመር ሲታጠፍ ሁለት ርዕስ ሆኖ ይወጣል። መጠናቸው አንድ ከሆነና በመካከላቸው የተለመደው የመስመር ርቀት ብቻ ካለ፣ አንድ ላይ ማያያዝ ነው።

10ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ ድምፁ ጠነከረ። አሥረኛው ሰው ሁለት መስመር የፈልግና ተካ ትእዛዝ ለሚጨርሰው ነገር ይህን ሁሉ ሂሳብ ምን አመጣው ብሎ አፌዘ። የመስመር መጀመሪያ ላይ `e`፣ `o`፣ `¢` ወይም `«` ካለ ወደ `-` ይቀየር፣ አለቀ ደቀቀ። እሱ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚያደርግና አንድም ቀን እንዳልተቸገረ ጨመረ።

11ኛ ምላሽ

መልሱ ከሌላ ሰው መጣ፤ እሱም አልራራለትም። `e` በፖርቱጋልኛና በጣልያንኛ እና ማለት ነው፤ `o` ደግሞ በጣልያንኛ ወይም ማለት ነው፤ በፖርቱጋልኛ መስተአምር ነው። አንቀጹ ታጥፎ መስመሩ በዚያ ቃል ከጀመረ፣ የአሥረኛው ትእዛዝ ከአንቀጽ መሐል ዝርዝር ይፈጥራል። የጠፋች ቡሌትን ደግሞ የትኛውም ፈልግና ተካ አያገኛትም፤ የሌለ ነገር አይፈለግም። አልተቸገርኩም ማለትም ውጤቱን ከምስሉ ጋር አላስተያየሁም ማለት ሊሆን ይችላል ብሎ ደመደመ። ትንሽ ከረረ፤ ነገሩ ግን ልክ ነው።

12ኛ ምላሽ

ይህ ጸሐፊ ጭቅጭቁን አልፎ ወደ አጻጻፉ ሄደ፤ ልኬቱ ትክክል ሆኖም ማርክዳውኑ ሊበላሽ ይችላልና። የመጀመሪያው ነገር የንዑስ ዝርዝር ባዶ ቦታ ነው። የማርክዳውን ደንብ የሆነው ኮመንማርክ ንዑሱ ከወላጁ ጽሑፍ መነሻ ሥር እንዲጀምር ይፈልጋል። ወላጁ `- ` ከሆነ ሁለት ባዶ ቦታ ይበቃል፤ `1. ` ከሆነ ሦስት፣ `10. ` ከሆነ አራት ያስፈልጋል። በቁጥር ዝርዝር ሥር ሁለት ብቻ ከተተወ ቡሌቱ ንዑስ መሆኑ ይቀርና የቁጥር ዝርዝሩን ይሰብረዋል። እሱ በየእርከኑ አራት ይጠቀማል፤ ለሁሉም ይሠራል፣ ቁጥሩ መቶ ካልደረሰ።

```
1. ፋይሉን ይክፈቱ
    - ፈቃዱን ያረጋግጡ
    - መጠኑን ያረጋግጡ
2. ያስጀምሩ
```

ሁለተኛው ወጥመድ አግድም መስመር ነው። ብዙ ገጾች ከርዕስ ሥር ቀጭን መስመር ያሰምራሉ። ያንን አይቶ `---` የሚጽፍ ስክሪፕት፣ መስመሩ ከአንቀጽ ሥር ሲመጣና ባዶ መስመር ካላስቀደመ፣ አንቀጹን በሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ርዕስ ያደርገዋል፤ ማርክዳውን እንዲህ ያለውን አጻጻፍ እንደ ርዕስ ነው የሚያነበው። ከርዕስ ሥር ያለው መስመር ጌጥ ስለሆነ መተው ነው፤ ራሱን የቻለ መለያ ከሆነ ደግሞ ከላይና ከታች ባዶ መስመር መስጠት።

በ`2019.` የሚጀምር አንቀጽ ደግሞ ከቁጥር 2019 የሚነሳ ዝርዝር ይሆናል፤ `2019\.` ተብሎ መጻፍ አለበት። ይህንን ሳያብራራ አልፎታል፤ ማብራሪያም አያስፈልገውም።

13ኛ ምላሽ

አሥራ ሦስተኛዋ የራሷን ሰነድ ጉዳይ አመጣች። በምስሉ ላይ ያለው ዝርዝር በሀ. ለ. ሐ. የሚሄድ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ በ፩ እና በ፪ ነው። የአሥራ ሁለተኛውን ምክር ተከትላ እርከኑን በትክክል ብታወጣውም፣ ሲታይ ሁሉም ተያይዞ አንድ አንቀጽ ሆነ። ምክንያቱ ማርክዳውን ሀ.ንም ሆነ ፩.ን የዝርዝር ምልክት አድርጎ አለማወቁ ነው፤ የሚያውቀው ሦስቱን ምልክቶች `-`፣ `+` እና `*` እንዲሁም ተራ አሃዞችን ብቻ ነው። ምን ላድርግ ትላለች።

14ኛ ምላሽ

ሁለት መንገድ ቀረበላት። አንዱ ወደ 1. 2. 3. መቀየር ነው፤ ዝርዝሩ ንጹሕ ይሆናል፤ ግን በሰነዱ ሌላ ቦታ ፊደል ለን ተመልከት የሚል ካለ የሚያመለክተው ነገር ይጠፋል። ሌላው `- ሀ. ` እያሉ ፊደሉን በጽሑፍነቱ ማስቀረት ነው፤ ማመላከቻው ይድናል፣ ነገር ግን ሲታይ ቡሌትና ፊደል ተደራርበው ይመጣሉ። መላሹ ሁለተኛውን መረጠ፤ ቀጥሎ የጻፈ አንድ ሰው ደግሞ ድርቡ ዓይን ይወጋል ብሎ የመጀመሪያውን። እዚህ ላይ እኔ ከሁለተኛው ጎን ነኝ፤ የተደራረበ ምልክትን በሲኤስኤስ መደበቅ ይቻላል፤ የጠፋ ፊደልን ግን ከየት ይመልሱታል? ክሩ ግን አልወሰነም።

15ኛ ምላሽ

ድርቡ ዓይን ይወጋል ያለው ይኸው ሰው ሌላም ጥያቄ ጥሎ ሄደ። ስክሪንሾቱ ከሰነዱ መሐል የተነሳ ቢሆንስ? በምስሉ ላይ ትልቁ ርዕስ በሰነዱ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ሊሆን ይችላል። ትልቁን ሁልጊዜ `#` የሚያደርግ ስክሪፕት ከብዙ ምስሎች የተሰበሰበን ሰነድ ያዛባል፤ አንዱ ምስል ላይ `#` የሆነው ሌላው ላይ `##` ይሆናል።

16ኛ ምላሽ

አራተኛዋ ለዚህ ያላት መልስ ከፊል ነው። ምስሎቹ በአንድ ዓይነት ማጉላት የተነሱ ከሆነ የሁሉንም መስመሮች መጠን በአንድ ላይ ሰብስቦ ቡድኑን ማውጣት፤ ደረጃ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ በየምስሉ አይደለም። አንድ ምስል ብቻ ሲኖር ግን ሊታወቅ የሚችለው የርዕሶቹ ቅደም ተከተል እንጂ ትክክለኛ ደረጃቸው አይደለም። ከመደበኛው ጋር ያለው ጥምርታ 2 ወይም 1.5 ሲሆን የአሳሹን ነባሪ ያስታውሳል፤ ግን ገጹ የራሱ ንድፍ ካለው ያም አያሳምንም።

17ኛ ምላሽ

ከርዕስ ውጭ። አንድ ሰው `-` ከ`*` ይሻላል አለ፤ ሌላ ሰው በዚያው ቁጥር ሥር ተከራከረው። ከሁለቱ ጭቅጭቅ አንዲት ጠቃሚ ነገር ወጣች፦ በአንድ ዝርዝር መሐል ምልክት ከተቀየረ ማርክዳውን አዲስ ዝርዝር ይጀምራል፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ በአንድ እርከን ላይ ሙሉ ክብ ሲያይ `*`፣ ባዶ ክብ ሲያይ `-` እንዲጽፍ ማድረግ ዝርዝሩን መቆራረጥ ነው። የተቀረው የጣዕም ጉዳይ ነበር።

18ኛ ምላሽ

ጠያቂው ውጤቱን ይዞ ተመለሰ። በዓይኑ ምስሉ ላይ የቆጠራቸው ቡሌቶች 17 ናቸው፤ ፋይሉንም በዚህ ቆጠረው።

```
grep -cE '^ *- ' page.md
```

የወጣው 16 ነው። የጎደለችው ንዑስ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። ቡሌቷ ባዶ ክብ ስለሆነች፣ ጠባቡን ቁራጭ የሚፈትሸው ክፍል የጠቆረውን ሲቆጥር ከወሰኑ በታች ሆነችበትና እንደ ታጠፈ መስመር ከላይኛው ነጥብ ጋር ቀጠላት። ወሰኑን ሲያወርደው 17 ሆነ። ለአሥረኛው ሰውም አንድ ቃል አለው፤ በእሱ ትእዛዝ ብቻ የወጣው ቁጥር 11 እንደነበረ ጽፏል፤ ከዚያ በላይ አላለም።

19ኛ ምላሽ

አራተኛዋ የመጨረሻ ቃሏን አስቀመጠች። ባዶ ክብን በጥቁር ብዛት ከመፈለግ በዙሪያዋ ሳጥን ስፋትና ቁመት መፈለግ ይሻላል፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ውስጧ ባዶ ቢሆንም ቡሌት ናት። ወሰን ማውረድ ለዚህ ምስል ሠርቷል፤ ጠቆር ያለ ጀርባ ባለው ምስል ላይ ግን ብናኙን ሁሉ ቡሌት ያደርገዋል።

20ኛ ምላሽ

አዲስ ሰው ገብቶ፣ በሠንጠረዥ ሕዋስ ውስጥ ያለ የቡሌት ዝርዝርስ ወደ ማርክዳውን እንዴት ይገባል ብሎ ጠየቀ። የተለመደው የማርክዳውን ሠንጠረዥ ሕዋስ አንድ መስመር ብቻ ስለሚይዝ ዝርዝር የሚቀበልበት ቦታ የለውም። እስካሁን መልስ አላገኘም።